የምስጢር ስጦታ ልውውጥ በሥራ ቦታ፦ ገደቡ 20 ዶላር ነው፤ የደረሰኝን ሰው ግን በቅጡ አላውቀውም

የሌሊት ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ዘንድሮ የእኛ ክፍልና የሒሳብ ክፍል በአንድነት የገና ስጦታ እንዲለዋወጡ ተወስኖ ለእያንዳንዳችን በዕጣ የአንድ ሰው ስም ደርሶናል። የሰጪው ማንነት ጥቅሉ እስኪከፈት ድረስ በምስጢር የሚያዝ ሲሆን የዋጋው ገደብ 20 ዶላር ነው። ለእኔ የደረሰኝ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ እኔ ስወጣ እርሱ ሲገባ ኮሪደር ላይ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር አንድም ቀን ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደማይበላ፣ ቤተሰብ ይኑረው አይኑረው የማውቀው ነገር የለም።

ሁለት ሐሳብ መጥቶልኛል። አንደኛው እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝንና ገና ያልለበስኩትን የጥበብ የአንገት ልብስ መስጠት ነው፤ ዋጋው ከገደቡ በላይ ቢሆንም እኔ ከኪሴ የማወጣው ገንዘብ ስለሌለ ችግር ያለበት አይመስለኝም። ሁለተኛው ከሐበሻ ሱቅ የይርጋጨፌ ቡና ገዝቶ መስጠት ነው። ከእነዚህ የቱ ይሻላል? ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ልውውጡ የሚደረገው ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ አለኝ።

ጌቱ ዲሲ

እህቴ፣ ራስሽን አታስጨንቂ። የማታውቂውን ሰው ፍላጎት ለመገመት ከመድከም የአንድ ትልቅ ሱቅ የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ ብትገዢለት ሰውየው የሚፈልገውን ራሱ ይገዛል። ይህ ብቻውን የሚያሳፍርሽ ከሆነ ደግሞ የአንገት ልብሱን በላዩ ላይ ጨምሪለት። እኛ በ20 ዶላር ስጦታ ሰጥተን ሰው ፊት መቆም አልለመድንም፤ ትንሽ ጨምሮ መስጠት ማንንም አይጎዳም። ቡናውንም ብትጨምሪ የአገራችንን ስም ማስጠራት ነው።

አስተባባሪዋ

በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ የአስተዳደር ሥራ እሠራለሁ፤ የገና ስጦታ ልውውጡን በየዓመቱ የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ከጀርባ ሆኜ ብዙ አይቻለሁ። ወንድማችን ጌቱ ስለ ልግስና ያለው ነገር ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ ልውውጥ ጨምሮ መስጠት ሰው ይጎዳል። ጥቅሎቹ የሚከፈቱት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁሉም እያየ ነው። አንዱ የ60 ዶላር ዕቃ ሲያወጣ፣ ከጎኑ ያለችው ባልደረባው የተሰጣት የ15 ዶላር ኩባያ በድንገት ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ኩባያውን የሰጠው ሰው ደግሞ ሕጉን አክብሮ ሳለ አንገቱን ይደፋል። ገደቡ የተጣለው በተለይ ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ሠራተኞች ሳይሸማቀቁ እንዲሳተፉ ነው። ስለዚህ የአንገት ልብሱ ከኪስሽ ባይወጣም የሚመዘነው በሚታየው ዋጋ ነውና ለራስሽ አስቀምጪው። ከገደቡ እጅግ ዝቅ ማለትም ጥሩ አይደለም፤ 20 ዶላር ተብሎ የ6 ዶላር ነገር የደረሰው ሰው ለሌሎች የተሰጠውን እያየ ያዝናል። ከ16 እስከ 20 ባለው ውስጥ ብትሆኚ ማንም አይከፋም። ቀረጥን በተመለከተ አስተባባሪሽ የተለየ ነገር ካልተናገረች በመለያው ላይ የተጻፈውን ዋጋ ያዢ፤ በአካባቢሽ በዕቃ ላይ የሚጨመረው 6 በመቶ ስለሆነ ልዩነቱ ከአንድ ዶላር ከጥቂት ሳንቲም አይበልጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ20 ዶላር ከውድ ዕቃዎች ርካሹን ለመግዛት ሲሞክር ነው። በ20 ዶላር የሚገኝ የጆሮ ማዳመጫ፣ በ20 ዶላር የሚገኝ ሽቶ፣ በ20 ዶላር የሚገኝ የእጅ ሰዓት በየዓይነታቸው ከመጨረሻው ረድፍ የሚገኙ ናቸው፤ ተቀባዩም ይህን ያውቀዋል። ከዚህ ይልቅ 20 ዶላር ከፍተኛውን ጥራት የሚገዛበትን የዕቃ ዓይነት መፈለግ ይሻላል። እጅግ ጥሩ ሻይ፣ እጅግ ጥሩ ማር፣ እጅግ ጥሩ የሱፍ ካልሲ፣ እጅግ ጥሩ እርሳስ፣ እጅግ ጥሩ የእጅ ቅባት በ20 ዶላር ውስጥ ይገኛል። ተቀባዩ ሁልጊዜ የሚጠቀምበት፣ ነገር ግን ለራሱ ሲገዛ መካከለኛውን የሚመርጥለት ነገር ከሆነ ደስታው እጥፍ ነው። የሚያልቅ ነገር መሆኑም ይጠቅማል፤ ባይወደው እንኳ በቤቱ መደርደሪያ ላይ ቦታ ይዞ አይከርምበትም።

እንግዲህ ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚጠቀምበት ነገር ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ የሕይወት ታሪኩን መመርመር አያስፈልግም። በጠዋት ሲገባ በእጁ ምን ይይዛል? በጠረጴዛው አጠገብ ስታልፊ ምን ይታያል? ይህን ንገሪንና አብረን እናስብ።

የሙኒኩ

እኔ የምኖረው በጀርመን ነው። እዚህም ከገና በፊት ቪሽተልን የሚባል ተመሳሳይ ልማድ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። አሳሳቢ አይመስለኝም፤ ከቤትሽ የማያስፈልግሽን አንድ አስቂኝ ዕቃ ለምሳሌ አሮጌ የአበባ ማስቀመጫ ወይም የተሰበረ ሰዓት ጠቅልለሽ ውሰጂ። እኛ ጋ ባለፈው ዓመት ሁሉም እንዲህ አድርጎ በጣም ሳቅን። የሚያስቀው ዕቃው መጥፎ በሆነ ቁጥር ነው፤ በመጨረሻም በዳይስ እየተጫወትን ዕቃዎቹን ከሰው ሰው አዘዋወርናቸው።

አስተባባሪዋ

ወንድሜ፣ አንተ የገለጽከው ጀርመኖች ሽሮትቪሽተልን የሚሉትን፣ ከቤት የማያስፈልግ ነገር የሚመጣበትን ጨዋታ ነው። አሜሪካ ውስጥም ዕቃው ከሰው እጅ እየተነጠቀ የሚዞርበት ጨዋታ አለ፤ ዋይት ኤሌፋንት ይሉታል። በሁለቱም ጨዋታዎች ስጦታው ለማንም የታሰበ ስላልሆነ ማንም በግል አይከፋም። የእህታችን ግን በስም የተመደበ ነው። በስሙ የተጠቀለለለትን ጥቅል ሲከፍት የተሰበረ ሰዓት ያገኘ ሰው፣ በማያውቀው ሰው እንደተናቀ ነው የሚሰማው። መሥሪያ ቤቶች ሁለቱን ልማዶች ሲያደባልቁ በየዓመቱ የሚከፋ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ በጥሪው ላይ የተጻፈውን ደግሞ ማንበብ ጥሩ ነው።

ከፒያሳ

ከአዲስ አበባ ነው። የእኔ ጉዳይ ትንሽ የተለየ ቢሆንም ላንሳው። የምሠራበት ድርጅት ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚሠራ በመሆኑ በየዓመቱ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይህን ልውውጥ እናደርጋለን፤ ገደባችን 500 ብር ነው። ችግሩ ወቅቱ የነቢያት ጾም መሆኑ ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ይገባል፣ የሚፈታው ደግሞ በገና፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ለእኔ ግን በተደጋጋሚ የወተት ቸኮሌትና ኬክ ይደርሰኛል። ቸኮሌቱን እስከ ገና ማቆየት ይቻላል፤ ኬኩን ግን እዚያው ለማይጾሙት አከፋፍዬ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሰጪው ጥፋት የለበትም፤ ማን እንደሚጾም የሚያውቅበት መንገድ አልተዘጋጀለትም። እህቴም የምትሰጪው ሰው ምን እንደማይበላ ሳታውቂ የሚበላ ነገር ባትገዢ ይሻላል እላለሁ።

ሰዓዳ ሚኒሶታ

የፒያሳዋ እህት ባለችው ላይ ልጨምር። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የወይን ጠርሙስ ሰጥተውኝ በፈገግታ ተቀብዬ ለሌላ ሰው አሳልፌያለሁ። አልኮል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የማይታወቀው እንደ ማርሽማሎው ባሉ ለስላሳ ከረሜላዎች ውስጥ የሚገባው ጀላቲን ነው፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚሠራ ስለሆነ እኔ አልበላውም። በዚያ ላይ ለውዝና ኦቾሎኒ ሰውነታቸው የማይቀበለው ሰዎች አሉ። ሽታ ያለው ሻማና ቅባትም ራስ ምታት የሚያስነሣበት ሰው ብዙ ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ጠንካራ ሽታ ጭራሽ የማይፈቀድባቸው ክፍሎች አሉ። የምትሰጪውን ነገር ከመግዛትሽ በፊት ይህን ሁሉ ማጣራት ይኖርብሻል።

አስተባባሪዋ

ሁለታችሁም እውነት ብላችኋል፤ መፍትሔው ግን ምግብን ጨርሶ መተው አይመስለኝም፤ በአስተባባሪው በኩል መጠየቅ ነው። እኔ ዕጣ ከማውጣቴ በፊት ለሁሉም ሦስት ጥያቄ እልካለሁ፤ የማትበላው ወይም የማትጠጣው ነገር ምንድን ነው፣ በሥራ ሰዓት የምትጠጣው ምንድን ነው፣ ቤት ስትገባ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ የሚሉ ናቸው። መልሱ ከስሙ ጋር ለሰጪው ይደርሳል። ይህ ባልተደረገበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰጪው ለአስተባባሪዋ «ይህን ሰው በራስሽ ስም ጠይቂልኝ» ብሎ መላክ ይችላል። አስተባባሪዋ ለአንድ ሰው ብቻ ከጠየቀች ምስጢሩ ሊጠረጠር ስለሚችል ለሁሉም በአንድ ጊዜ ብትልክ ይመረጣል። ዕጣውን በኢንተርኔት የሚያወጡ እንደ ኤልፍስተር ያሉ ድረ ገጾችም ሰጪው ስሙ ሳይታወቅ ተቀባዩን እንዲጠይቅ ያስችላሉ፤ የእናንተ ዕጣ በዚያ መንገድ የወጣ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው።

አንድ ነገር ግን አታድርጊ፤ የቅርብ ጓደኛውን አትጠይቂ። ጓደኛው ከቅንነት የተነሣ በዚያው ቀን ይነግረዋል።

ጌቱ ዲሲ

ይህ ሁሉ ጥያቄ ከሚበዛ ሰውየውን በደንብ ከሚያውቀው የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ጋር ስም መቀያየር አይቻልም? እርሷ የምታውቀውን ሰው ትይዛለች፣ ያኛውም የሚያውቀውን ይይዛል። ሁለቱም ደስ ይላቸዋል።

አስተባባሪዋ

ሐሳቡ ለሁለቱ ሰጪዎች ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስም ሲቀያየሩ አንዳቸው የሌላውን ምስጢር ያውቃሉ፤ የአስተባባሪዋም ዝርዝር ከእውነቱ ጋር መገናኘቱ ይቀራል። በልውውጡ ቀን አንድ ሰው ቢታመምና ሳይመጣ ቢቀር ማን ለማን መስጠት እንደነበረበት ማወቅ አይቻልም። መቀያየር የግድ ከሆነ አስተባባሪዋ አውቃው ይሁን። እኔ ግን እህታችን ይህን ሰው እንድትይዝ ነው የምፈልገው፤ ሁለት ክፍሎች ተደባልቀው ዕጣ ያወጡት የማይተዋወቁት እንዲተዋወቁ ይመስለኛል።

የሌሊት ፈረቃ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአንገት ልብሱን ትቼዋለሁ፤ እትዬ አስተባባሪ የነገሩኝ ነገር አሳምኖኛል። ዛሬ ጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ስወጣ የተበላሸ የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ለማስረከብ ወደ ሒሳብ ክፍል መግባት ነበረብኝና በጠረጴዛው አጠገብ አለፍኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የብረት ፔርሙዝና ከአጠገቡ ኩባያ አለ፤ ከኩባያው ጠርዝ የሻይ ከረጢት ክር ተንጠልጥሎ ይታያል። በጠረጴዛው ጥግ ላይ የቃላት እንቆቅልሽ ያለበት የታጠፈ ጋዜጣ አለ። ሌላ የተለየ ነገር አላየሁም። ቡናውን መተው ይኖርብኛል ማለት ነው? አንድ 340 ግራም የይርጋጨፌ ቡና በ17 ዶላር አይቼ ነበር።

አስተባባሪዋ

በጣም ጥሩ አይተሻል። ቡናውን የምተወው በሁለት ምክንያት ነው። በጠዋት ፔርሙዝ ይዞ የሚመጣና ጠረጴዛው ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው ቡና አይጠጣም ማለት ባይቻልም፣ በዕለት ኑሮው ውስጥ የሚታየው ሻይ ነው። ከዚህም ሌላ ቡና የሚጠጣ ሰው እንኳ ፍሬውን የሚፈጭበት ይኑረው አይኑረው፣ የሚያፈላበት መሣሪያ ምን እንደሆነ አታውቂም፤ ለተሳሳተ መሣሪያ የተፈጨ ቡና ደግሞ ጥሩነቱ አይታወቅም።

ሻይ ብለን ስንወስንም አንድ ነገር ይቀራል፤ በክሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ወረቀት አንብበሻታል? ጥቁር ሻይ የሚጠጣ ሰውና የዕፀዋት ሻይ የሚጠጣ ሰው የተለያዩ ናቸው። አንዳንዱ ሰው በልብ ምት ወይም በእንቅልፍ ምክንያት ካፌይን እንዳይነካ በሐኪም የታዘዘ ይሆናል፤ ለእርሱ ውድ የሆነ ጥቁር ሻይ ብትሰጪው ከቡናው አልተሻለም። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻይ ከሆነ 100 ግራም ጥሩ ቅጠል ከ40 ሲኒ የማያንስ ስለሚወጣው በ20 ዶላር ውስጥ ደኅና ዓይነት ታገኚያለሽ፤ ግን ከረጢት የለመደ ሰው ማጥለያ ላይኖረው ስለሚችል በከረጢት የታሸገውን ምረጪ። የዕፀዋት ከሆነ ሌላ ሐሳብ አለኝ።

ሰዓዳ ሚኒሶታ

እዚህ ላይ ቅር የሚለኝን ልናገር። የሰውን ጠረጴዛ እየዞሩ ማየት፣ አሁን ደግሞ የሻይ ወረቀቱን ማንበብ፣ ለእኔ ደስ የሚል አይደለም። በሥራ ቦታ አንድ የማላውቀው ሰው የምጠጣውን ሲመለከት ሰንብቶ «አይቼሃለሁ» ቢለኝ የምሳቀቅ ይመስለኛል። በተለይ ሴት ለወንድ፣ ወንድም ለሴት ሲሆን ነገሩ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። በአስተባባሪዋ በኩል በግልጽ መጠየቁ ይበቃል።

ሩት ከሐይፋ

እኔ ደግሞ ከሰዓዳ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኛ በእስራኤል በፉሪም በዓል ሰሞን ጋማድ ቬአናክ የሚባል ተመሳሳይ ልማድ በትምህርት ቤት፣ በጦር ሠራዊትና በመሥሪያ ቤት ሁሉ አለን፤ አንዱ ሰው በምስጢር የሌላው ተንከባካቢ ሆኖ ትንንሽ ስጦታዎችን በተከታታይ ቀናት ያስቀምጥለታል፤ ማንነቱ በመጨረሻ ይገለጣል። የጨዋታው ውበት ያለው አንድ ሰው በጥንቃቄ እንዳየህ በማወቁ ላይ ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት የምወደው ብዕር ቀለሙ እንዳለቀብኝ አይታ ያንኑ ብዕር አስቀመጠችልኝ፤ እስከ ዛሬ ወዳጄ ናት። የሚበላ ነገር ስንሰጥ ግን ሁልጊዜ ፋብሪካው እንዳሸገው፣ የኮሸር ማኅተም ያለበትን ነው የምንሰጠው፤ የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚያከብረውም የማያከብረውም ሰው በአንድ ቢሮ ስላለ ከቤት በተሠራ ነገር ማንም እንዳይቸገር ነው።

አስተባባሪዋ

የሁለታችሁም ሐሳብ መልካም ነው፤ ልዩነቱን እኔ እንዲህ አየዋለሁ። በመንገድሽ ላይ ስታልፊ ለሁሉም የሚታየውን ማየት ነውር የለውም። መሳቢያ መክፈት፣ በፌስቡክ ገጹ ላይ የልጆቹን ፎቶግራፍ መፈለግ፣ ስለ ትዳሩ ሰው መጠየቅ ግን ከልውውጡ ዓላማ ውጪ ነው፤ በዚያ መንገድ የተገኘ ስጦታ ምንም ያህል ቢስማማው ሲቀበለው ያስደነግጠዋል። በካርዱ ላይ ያየሽውን መጥቀስ አለመጥቀስ ላይ ግን ሰዓዳ ያነሣችው ጥርጣሬ ተገቢ ነው፤ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

የሌሊት ፈረቃ

ሰዓዳ ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ ወደ ጠረጴዛው አልተመለስኩም፤ አስተባባሪያችንን ጠየቅኋትና ለሁሉም ሠራተኛ ጥያቄዎቹን ላከች። መልሱ መጥቷል። የማይበላው ነገር የለም፤ በሥራ ሰዓት የሚጠጣው የዝንጅብልና የሎሚ ሻይ ነው፤ ቡናና ጥቁር ሻይ ካቆመ ቆይቷል፤ በቤቱ የቃላት እንቆቅልሽ ይሠራል። እንዳሉት ጥቁር ሻዩም ቢሆን የማይሆን ነበር። እትዬ አስተባባሪ፣ አለኝ ያሉት ሐሳብ ምንድን ነው?

አስተባባሪዋ

የእኛ የሻይ ቅመም ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል የሻይ ቅጠል ሳይገባበት በውኃ ብቻ ሲፈላ ካፌይን የሌለው፣ ዝንጅብል ለለመደ ምላስም እንግዳ ያልሆነ መጠጥ ነው። በፔርሙዝ ውስጥ ሲቆይ አይበላሽም፤ ሆኖም ቅርንፉዱ ከውስጡ ካልወጣ ይመራል፤ ስለዚህ አጥልሎ መገልበጥ እንዳለበት ጻፊለት። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ዘንግ ቀረፋ፣ አራት ቅርንፉድና አምስት የተሰነጠቀ ሄል ለጀማሪ ይበቃል፤ ዐሥር ደቂቃ በለሰለሰ እሳት ይፍላ። ከእርሱ ጋር አንድ ትንሽ ብልቃጥ ጥሩ ማር ብትጨምሪ ሁለቱ ለአንድ ጥቅም ስለሚውሉ ስጦታው የተበታተነ አይመስልም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ከቤትሽ ቆጥረሽ በላስቲክ አትጠቅልዪው። ሰጪው በማይታወቅበት ልውውጥ ውስጥ ያልታሸገና ስም የሌለበት ዱቄት ወይም ፍሬ ደፍሮ የሚጠጣ የለም፤ በሆስፒታል ደግሞ ይብሳል። ሩት እንዳለችው የታሸገውን፣ የያዘው ነገር በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ከሱቅ ግዢ። ቅመሙ ያልተፈጨ ቢሆን ይመረጣል፤ ምን እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ያምናል። ደረሰኝ ስትቀበዪም ዋጋው የማይታይበትን የስጦታ ደረሰኝ ጠይቂ፤ ማሩን ባይፈልግ ሊለውጠው ይችላል።

ከፒያሳ

እኔ ግን እንቆቅልሹን ባትተዉት እመርጥ ነበር። ጥሩ የእንቆቅልሽ መጽሐፍና ሁለት ጥሩ እርሳስ ከምግብ ጣጣ ሁሉ ነጻ ነው። ቅመም የሚወደው መሆኑን በምን አወቃችሁ? ዝንጅብል የሚጠጣ ሰው ሁሉ ቅርንፉድ አይወድም።

አስተባባሪዋ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ላይ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቆቅልሽ የሚሠራ ሰው የለመደው የክብደት ደረጃ አለው፤ ቀላል ከሆነበት ይሰለቸዋል፣ ከከበደው ይተወዋል፤ የትኛውን ጋዜጣ እንደሚሠራ ካላወቅሽ መምረጥ ይከብዳል። እርሳሱ ግን በየትኛውም ደረጃ ያገለግላል፤ ማጥፊያ ያለው፣ በጋዜጣ ወረቀት ላይ ሳይቀድ የሚጽፍ ለስላሳ እርሳስ ቢሆን ጥሩ ነው። በቅመሙና በእርሳሱ መካከል እህታችን ትወስን።

የሌሊት ፈረቃ

ሁለቱንም ተመለከትኩ። በሐበሻ ሱቅ የታሸገ ያልተፈጨ የሻይ ቅመም በ6 ዶላር፣ ትንሽ የማር ብልቃጥ በ9 ዶላር አገኘሁ፤ ጥሩ ለስላሳ እርሳስ በነጠላ የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ አንድ በ3 ዶላር ገዛሁ። በጠቅላላው 18 ዶላር ሆነ። ብዙ ዓይነት እንዳይመስል ብፈራም ሻዩን እየጠጣ እንቆቅልሹን የሚሠራ ሰው ስለሆነ አብረው የሚሄዱ መሰለኝ። በካርዱ ላይ የአፈላሉን መንገድ ጽፌ ከሥሩ «ይህ በአገሬ በየቤቱ የሚፈላ ሻይ ነው፤ ቡናና ጥቁር ሻይ ላቆመ ሰው ይስማማል ብዬ አሰብኩ» አልኩ። ስለ ጠረጴዛው አላነሣሁም። «በአገሬ» የሚለው ግን ማን መሆኔን አስቀድሞ ያሳውቅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ከእኔ በቀር ኢትዮጵያዊ የለም።

ሩት ከሐይፋ

ጥቅሉን እስኪከፍት አያነበውም፤ ሲከፍተው ደግሞ የመገለጫው ሰዓት ነው። እኔ አልሰርዘውም።

ሰዓዳ ሚኒሶታ

ካርዱ እንዲህ መሆኑ ደስ ብሎኛል። በመጠይቁ ላይ ራሱ የጻፈውን ስለጠቀስሽ የሚሳቀቅበት ነገር የለም። ሆኖም መሥሪያ ቤታችሁ ሰጪው እስከ መጨረሻው እንዳይገለጥ የሚፈልግ ከሆነ «በአገሬ» የሚለውን «በኢትዮጵያ» በሚል መለወጥም ምስጢሩን አይጠብቅም፤ ቅመሙ ራሱ ይናገራል። አስተባባሪዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጌቱ ዲሲ

ከእናንተ ብዙ ተምሬያለሁ፤ አሁን የራሴን ላንሳ። እኔ በዋሽንግተን በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንጻ ውስጥ በኮንትራክተር ኩባንያ ሥር እሠራለሁ። እኛም ከመንግሥት ሠራተኞቹ ጋር ተቀላቅለን ዕጣ አውጥተን ለእኔ የደረሰችኝ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ኃላፊ ናት። ገደቡ 25 ዶላር ነው ተብሏል። የ25 ዶላር ካርድ ልሰጣት አስቤ ነበር። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት

ወንድም ጌቱ፣ እኔ የፌዴራል ሠራተኛ ነኝ፤ ይህ ጉዳይ በየዓመቱ ይነሣል። የሥነ ምግባር ደንቡ የመንግሥት ሠራተኛ ለበላይ ኃላፊው እንደ ገና ባሉ አጋጣሚዎች ሊሰጥ የሚችለውን ስጦታ ከ10 ዶላር የማይበልጥና ጥሬ ገንዘብ ያልሆነ እንዲሆን ይገድበዋል። አንተ ግን የኮንትራክተር ሠራተኛ ስለሆንክ የሚመለከትህ ሌላው ክፍል ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ከሚሠራ ኩባንያ ወይም ከኩባንያው ሰው በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር፣ በዓመት ውስጥ ደግሞ ከአንድ ምንጭ በድምሩ ከ50 ዶላር የሚበልጥ ስጦታ መቀበል አይችልም፤ ጥሬ ገንዘብም በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። በዓመት ውስጥ ያለው ድምር የሚቆጠረው በኩባንያው ጭምር ስለሆነ ባልደረቦችህ ቀደም ብለው የሰጧት ነገር ካለ እርሱም ይደመራል። ስለዚህ የ25 ዶላሩ ገደብ ለእርሷ ችግር ይፈጥርባታል፤ ደንቡን የጣሰች ተብላ የምትጠየቀው አንተ ሳትሆን እርሷ ናት።

አስተባባሪዋ

ይህን ዝርዝር እኔም አላውቀውም ነበር፤ የግል ድርጅት ውስጥ ስለምሠራ አይመለከተኝም። ጌቱ፣ ካርዱን ከመግዛትህ በፊት አስተባባሪው ኮንትራክተሮችንና የመንግሥት ሠራተኞችን በአንድ ዕጣ ሲቀላቅል የሥነ ምግባር ጽሕፈት ቤቱን ጠይቆ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀው። ካልጠየቀ ዕጣው እንደገና መውጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሰዎች ስጦታ ገዝተው ሳይጨርሱ ዛሬውኑ ቢሆን ነው የሚሻለው።

ጌቱ ዲሲ

ኢሜይሉን አሁን ጽፌ ልኬለታለሁ። መልሱ ሲደርሰኝ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ። ዕጣው እንዳለ ከቀጠለ ደግሞ ከ20 ዶላር በታች የሆነ፣ ለአንዲት ሳላውቃት ለምሰጣት ኃላፊ የሚሆን ነገር አብራችሁ እንድታስቡልኝ እለምናለሁ፤ እስካሁን የማውቀው በጠዋት በብስክሌት እንደምትመጣ ብቻ ነው።

ከፒያሳ

በክረምትም በብስክሌት ነው የምትመጣው? እንዲያ ከሆነ እትዬ አስተባባሪ መጀመሪያ ላይ የጠቀሱት የሱፍ ካልሲ ለእርሷ ይሆናል፤ የእግሯን ልክ ግን ሳትጠይቅ አትግዛ።